ረጅም የኢሜይል ልውውጥ ለአለቃ ሲያስተላልፉ፦ ከላይ የሚጻፈው ማጠቃለያ ደረጃ በደረጃ

«እባክዎ ከታች ያለውን ይመልከቱ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ተጽፎበት የተላለፈ ሃያ መልእክት ያለው ኢሜይል ብዙውን ጊዜ መልስ አያገኝም። ቢያገኝም መልሱ «ምን ላድርግ ነው የምትሉት?» የሚል ስልክ ነው። ጥፋቱን ተቀባዩ ላይ መጣል አይገባም። ልውውጡ የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ዋጋው መሐል ላይ ተቀይሯል፤ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፏል፤ ዋናው ጥያቄ ደግሞ የትም አልሰፈረም። ጥያቄውን የሚያውቀው ላኪው ብቻ ነው።

መመሪያው አንድ ዓይነት ጉዳይ ይዞ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፦ ከውጭ ሰዎች ጋር ሲደረግ የቆየን ልውውጥ ውሳኔ ለሚሰጥ አለቃ ማስተላለፍ። የምንሠራው በጂሜይል ነው፤ ሌላ የኢሜይል አገልግሎት የሚጠቀም ሰው የቁልፎቹ ቦታ ይለያይበታል እንጂ ሥራው ያው ነው።

## የምንሠራበት ምሳሌ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ አስጎብኚ ቢሮ ለ2017 ዓ.ም. ጥምቀት 14 እንግዶች ያመጣል እንበል። የቢሮው ሠራተኛ ከእንግዶቹ ወኪልና ከሆቴሉ ሪዘርቬሽን ጋር 21 መልእክት ተለዋውጧል። ሥራ አስኪያጇ ሌላ ቡድን ይዘው ደባርቅ ናቸው፤ ኢሜይል የሚያዩት በስልክ ነው። አሁን ሆቴሉ ቀብድ ይፈልጋል፤ ክፍያ የሚፈቅዱት ደግሞ እሳቸው ብቻ ናቸው።

የልውውጡ ዋና ዋና ነጥቦች እነዚህ ናቸው። ወኪሉ መጀመሪያ ለ4 አዳር 10 ክፍል ጠየቀ። ሆቴሉ ክፍሉን በአዳር 5,000 ብር አለ። ከዚያ ወኪሉ 10ሩን ወደ 8 ክፍል ቀነሰ። ሆቴሉ በጥምቀት ሰሞን ዋጋው 6,500 መሆኑን ጻፈ፤ ቆይቶም «ግማሹ ቀብድ እስከ Dec 13, 11:00 AM ከገባ 6,000 እናደርገዋለን» አለ። ወኪሉ ተስማማ፤ ነገር ግን በአንድ ክፍል የሚያድሩ ሁለት እንግዶች አንድ ቀን ዘግይተው ስለሚገቡ «የመጀመሪያው አዳር ይታሰብባቸዋል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ለዚህ ማንም አልመለሰም። በመጨረሻ ሆቴሉ ፕሮፎርማ ላከ። በመካከል ደግሞ የመኪና ጉዳይ፣ የ14 ሰው ፓስፖርት ኮፒና ብዙ «እናመሰግናለን» አለ።

## ከመጀመርዎ በፊት

ለዚህ ያህል ልውውጥ ግማሽ ሰዓት ይመድቡ፤ በኮምፒውተር ይሥሩት። ስልክ ላይ የተጠቀሰው የቀድሞ መልእክት ታጥፎ ስለሚቀመጥ ምን እያስተላለፉ እንደሆነ በቅጡ አይታይም። ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ።

አንድ ነገር ቀድመው ያስተካክሉ። የማርሹን ምልክት ይጫኑና See all settings ውስጥ ይግቡ፤ General በሚለው ገጽ Undo Send የሚለውን 30 seconds ያድርጉት። ከገጹ ግርጌ Save Changes ካልተጫነ አይያዝም። ከላኩ በኋላ Undo እስኪጠፋ 30 ሰከንድ ይኖርዎታል፤ የጎደለ አባሪ አብዛኛውን ጊዜ ትዝ የሚለው በዚያች ጊዜ ነው።

## ደረጃ 1፦ ልውውጡን ከመጀመሪያው ያንብቡ

1. ልውውጡን ይክፈቱና ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን የፕሪንተር ምልክት (Print all) ይጫኑ። ሳያትሙት እንኳ ሁሉም መልእክት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተርታ በአንድ ገጽ ይዘረጋል። ከዚያ ያንብቡ።

2. ቅርንጫፍ ካለ ይፈልጉ። ሁለት ሰው ለአንድ መልእክት ለየብቻ ከመለሰ ልውውጡ ለሁለት ይከፈላል፤ የመጨረሻው መልእክት የሚይዘው ራሱ የመጣበትን መሥመር ብቻ ነው። በምሳሌያችን የወኪሉ የ«አንድ ቀን ዘግይተው ይገባሉ» ጥያቄ በሌላው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ሆቴሉ ፕሮፎርማ የላከበትን የመጨረሻ መልእክት ብቻ ያስተላለፈ ሰው ያንን ጥያቄ አላስተላለፈም፤ መቅረቱንም አያውቅም።

3. ርዕሱ ተቀይሮ የተላከ መልእክት መኖሩን ያጣሩ። አንድ ሰው ርዕሱን ከቀየረ ጂሜይል እንደ ሌላ ልውውጥ ይቆጥረዋል። በላኪው አድራሻ ይፈልጉ፤ አባሪ ያለባቸውን ብቻ ለማየት እንዲህ ይጻፉ፦

```
from:booking@example.com has:attachment
```

በ`booking@example.com` ፈንታ የሆቴሉን አድራሻ ያስገቡ።

## ደረጃ 2፦ የጸናውን፣ የተሻረውንና ያልተመለሰውን ይለዩ

የማጠቃለያው ጥራት የሚወሰነው እዚህ ነው፤ ስለዚህ አይዝለሉት። ወረቀቱን በሦስት ይክፈሉት። እያነበቡ ሳለ እያንዳንዱን ቁጥር፣ ቀንና ስምምነት ከሦስቱ በአንዱ ያስፍሩ።

የጸና ማለት አንዱ ወገን ጠይቆ ሌላው በጽሑፍ «እሺ» ያለበት፣ ከዚያም በኋላ ያልተለወጠ ነው። ሆቴሉ 6,000 ብር ብሏል፤ ወኪሉ ተስማምቷል፤ በፕሮፎርማውም ይኸው ዋጋ ተጽፏል፤ ጸንቷል። 8 ክፍልም እንዲሁ።

የተሻረ ማለት በልውውጡ ውስጥ አሁንም የሚታይ፣ ግን የማይሠራ ነው። 10 ክፍል፣ 5,000 ብር፣ 6,500 ብር። ብዙ ሰው «ይህ አልፏል» ብሎ ከማጠቃለያው ይተወዋል። ይህ ስሕተት ነው። ተቀባይዋ ወደ ታች ሲወርዱ 5,000 የሚለውን ያያሉ፤ «ለምን 6,000 እንከፍላለን?» ይላሉ፤ ሥራው እዚያው ይቆማል። የተሻረውን ቁጥር በአንዲት መስመር «አልፏል» ብለው ካልጠቀሱት እንደገና ነፍስ ይዘራል።

ያልተመለሰ ማለት ተጠይቆ መልስ ያላገኘ ነው። የዘገዩት እንግዶች አዳር እዚህ ይገባል። ዝምታን እንደ ስምምነት አይቁጠሩ። ሆቴሉ ለጥያቄው ሳይመልስ ፕሮፎርማ ስለ ላከ ብቻ «ተስማምተዋል» ብሎ መጻፍ ከኋላ ጭቅጭቅ ያመጣል።

ከዚያ ሒሳቡን ራስዎ ይሥሩ፤ ከልውውጡ ቀድተው አያስተላልፉ። 8 ክፍል በ4 አዳር በ6,000 ብር 192,000 ይሆናል፤ ግማሹ 96,000። ይህንን ከፕሮፎርማው ጋር ያስተያዩ። ካልገጠመ ለአለቃዎ ከማስተላለፍዎ በፊት ሆቴሉን ይጠይቁ፤ ባልገጠመ ቁጥር ፈቃድ አይጠየቅም። ቀብዱ ባይከፈል ምን እንደሚመጣም ያስሉ። ዋጋው ወደ 6,500 ከተመለሰ በአዳር በክፍል 500 ብር ይጨምራል፤ በጠቅላላው 16,000 ብር። ውሳኔ የሚሰጥ ሰው የሚፈልገው ይህን ቁጥር ነው፤ በ21ዱ መልእክት ውስጥ ግን የትም ቦታ አልተጻፈም።

## ደረጃ 3፦ ቀኑንና ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልሱ

ማጠቃለያ ላይ ከባድ ጉዳት የሚያደርሰው ስሕተት የሰዓት ስሕተት ነው። ሆቴሉ «11:00 AM» ብሎ ጽፏል። ሠራተኛው «እስከ 11 ሰዓት» ብሎ ካስተላለፈ ሥራ አስኪያጇ የሚረዱት ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። 11:00 AM ግን ረፋድ 5 ሰዓት ነው። ገንዘቡ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል፤ 16,000 ብሩም አብሮ ይሄዳል።

የቀኑን ክፍል ሳይጠቅሱ ሰዓት አይጻፉ። «ረፋድ 5 ሰዓት»፣ «ከቀኑ 11 ሰዓት»፣ «ከምሽቱ 2 ሰዓት» ይበሉ። ለወሳኝ ቀነ ገደብ ደግሞ የፈረንጁን በቅንፍ ይጨምሩ፤ ተቀባይዋ ከዋናው መልእክት ጋር ሊያስተያዩ ይችላሉና።

ለቀኑም እንዲሁ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ 1 የዋለው በDecember 10 ነው፤ ስለዚህ Dec 13 ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ ነው። ጥር 1 በJanuary 9 ስለዋለ እንግዶቹ የሚገቡበት Jan 16 ጥር 8 ነው፤ ጥምቀት ጥር 11 ደግሞ Jan 19። ይህን ቀመር ግን ለሁሉም ዓመት አይጠቀሙበት። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ያለው አዲስ ዓመት በአንድ ቀን ስለሚገፋ እስከ February መጨረሻ ልዩነቱ አብሮ ይሄዳል፤ በ2016 ዓ.ም. ጥምቀት በJanuary 20 የዋለው ለዚህ ነው። በሁለቱም አቆጣጠር የተዘጋጀ የቀን መቁጠሪያ ይክፈቱና የሳምንቱን ቀን ጭምር ያረጋግጡ። ዕለቱና ቀኑ ካልተገጣጠሙ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው።

በተጠቀሱ የቆዩ መልእክቶች አናት ላይ የሚታየው ሰዓት መልሱን የጻፈው ሰው ባለበት አገር አቆጣጠር ሊሆን እንደሚችልም አይርሱ። ወኪሉ ውጭ አገር ከሆነ የእሱን መልእክት በሰዓት ሳይሆን በቀን ብቻ ይጥቀሱት።

## ደረጃ 4፦ የሚፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ሌላውን ሁሉ ከመጻፍዎ በፊት ይህችን ይጻፉ። ሦስት ነገር መያዝ አለባት፦ ማን፣ ምን ያድርግ፣ እስከ መቼ።

«ለሆቴሉ 96,000 ብር ቀብድ እንድንከፍል እስከ ሐሙስ ታኅሣሥ 3 ከቀኑ 6 ሰዓት ድረስ እንዲፈቅዱልን እጠይቃለሁ።»

ሆቴሉ የሰጠው ጊዜ ዓርብ ረፋድ ሆኖ ሳለ ለምን ሐሙስ ተባለ? ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ባንክ መሄድና ደረሰኙን ለሆቴሉ መላክ ስለሚቀር ነው። ለአለቃ የሚጻፈው ቀነ ገደብ የእርስዎን የሥራ ጊዜ የቀነሰ መሆን አለበት። የሆቴሉን ቀን ደግሞ በምክንያትነት ለብቻው ይጥቀሱ፤ ሁለቱን አያምታቱ።

ዓረፍተ ነገሯ አልወጣ ካለችዎ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ጥያቄው ገና አልበሰለም፤ እንግዲያውስ አያስተላልፉ። ወይ ደግሞ ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው። በምሳሌያችን የመኪናው ጉዳይ የሚመለከተው የትራንስፖርት ኃላፊውን ነው፤ ለእሱ ለብቻው ይተላለፋል። ሁለት ሰው በአንድ ኢሜይል ሁለት ነገር ሲጠየቅ እያንዳንዱ ሌላው የሚሠራው ይመስለዋል።

## ደረጃ 5፦ ማጠቃለያውን ይጻፉ

ልኩ ስልክ ላይ ብዙ ሳይወርዱ የሚነበብ ነው፤ ከ120 ቃል እንዳያልፍ ያድርጉ። ከኢሜይሉ ውጭ ባዶ ሰነድ ላይ ቢጽፉት ይሻላል፤ ሳይጨርሱ የመላክ አደጋ አይኖርም።

ስለ አከፋፈቱ አንድ ነገር። በደብዳቤ ልማዳችን «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ መጀመር የተለመደ ነው። ስልክ ላይ ግን ሳይከፈት የሚታየው ርዕሱና የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት ናቸው፤ ይህ መግቢያ ያንን ቦታ ሁሉ ይበላዋል። ሰላምታ ግን አይተዉ፤ ለታላቅ ሰው ያለ ሰላምታ መጻፍ ነውር ነው። «እንደምን ዋሉ፤» ይበሉና በዚያው መስመር ወደ ጥያቄው ይግቡ።

የምሳሌያችን ማጠቃለያ ይህ ነው፦

> እንደምን ዋሉ፤ ለሆቴሉ 96,000 ብር ቀብድ እንድንከፍል እስከ ሐሙስ ታኅሣሥ 3 ከቀኑ 6 ሰዓት ድረስ እንዲፈቅዱልን እጠይቃለሁ። «ይከፈል» ብለው ቢመልሱልኝ ይበቃል።
>
> ምክንያቱ፦ ገንዘቡ እስከ ዓርብ ታኅሣሥ 4 ረፋድ 5 ሰዓት (Dec 13, 11:00 AM) ካልገባ ዋጋው ወደ 6,500 ይመለሳል፤ 16,000 ብር ይጨምርብናል።
>
> የተስማማንበት፦ 14 እንግዶች፣ 8 ክፍል (6 ለሁለት ሰው፣ 2 ለአንድ ሰው)፣ ከጥር 8 እስከ ጥር 12፣ 4 አዳር፣ ክፍሉ 6,000፣ ድምር 192,000 ብር። ከታች የሚያዩት 10 ክፍልና 5,000 ብር አልፏል።
>
> ያልተቋጨ፦ በአንድ ክፍል የሚያድሩ ሁለት እንግዶች ጥር 9 ስለሚገቡ የመጀመሪያው አዳር ይታሰብ እንደሆነ ሆቴሉ አልመለሰም። ቢበዛ የ6,000 ብር ልዩነት ነው፤ እየጠየቅሁ ነው፤ ቀብዱን አያስቆምም።
>
> ማስረጃ፦ የዋጋው ስምምነት በሆቴሉ የኅዳር 24 (Dec 3) መልእክት፤ ፕሮፎርማው ተያይዟል።

ቅደም ተከተሉን አይቀይሩ። ሥራ አስኪያጇ የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ አንብበው ቢያቆሙ እንኳ መወሰን ይችላሉ፤ የሚጠራጠሩ ከሆነ ቀጥለው ያነባሉ። «በመጀመሪያ ወኪሉ ጠየቀ፣ ከዚያም ሆቴሉ መለሰ» እያሉ ታሪኩን በጊዜ ተራ የሚተርኩ ከሆነ ማጠቃለያ አይደለም የጻፉት፤ ልውውጡን ደግመውታል።

«ቀብዱን አያስቆምም» የምትለውን ልብ ይበሉ። ያልተቋጨ ነገር ሲጠቀስ አንባቢ ወዲያው የሚጠይቀው «ታዲያ ይህ እስኪታወቅ ልጠብቅ?» ብሎ ነው። ያልተቋጨውን በጻፉ ቁጥር ውሳኔውን ያግድ እንደሆነ አብረው ይጻፉ።

የራስዎ አስተያየት ካለ «በእኔ አስተያየት» ብለው ለይተው ያስቀምጡ። ሆቴሉ ያላለውን ሆቴሉ እንዳለ አድርጎ መጻፍ ከታች ባለው ልውውጥ ወዲያው ይጋለጣል።

## ደረጃ 6፦ ልውውጡን ያዘጋጁ

1. የቱን እንደሚያስተላልፉ ይወስኑ። አንድ መልእክት ለማስተላለፍ በመልእክቱ ቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ይጫኑና Forward ይምረጡ። ቅርንጫፍ ያለበትን ልውውጥ በሙሉ ለማስተላለፍ ከልውውጡ በላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነው Forward all የሚለውን ይምረጡ። ለምሳሌያችን የሚስማማው ሁለተኛው ነው፤ የወኪሉ ጥያቄ በሌላ ቅርንጫፍ ስላለ።

2. ማጠቃለያውን Forwarded message ከሚለው መስመር በላይ ይለጥፉ። ከሥሩ አንድ ባዶ መስመር ይተዉ።

3. አባሪዎቹን ከግርጌ ይቁጠሩ። Forward የተባለ መልእክት የሚይዘው የራሱን አባሪ ነው፤ ከሦስት መልእክት በፊት የተላከ ሰነድ አብሮ አይመጣም። የጎደለ ካለ ከዋናው መልእክት አውርደው እንደገና ያያይዙት። በForward all ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ የማይፈለገውም ይመጣል። የ14 ሰው ፓስፖርት ኮፒ ቀብድ ለመፍቀድ አያስፈልግም፤ በእያንዳንዱ ላይ ያለውን X ተጭነው ያውጡት። የጂሜይል ጣሪያ 25 ሜጋባይት ስለሆነ እነዚህን ማውጣት ለመላክም ያግዛል።

4. ተቀባዩ ማየት የማይገባውን መልእክት ያውጡ። ይህንኑ ልውውጥ ለሆቴሉ ቢያስተላልፉ ቢሮው ወኪሉን የሚያስከፍለው ዋጋ ከታች ተቀምጦ ይሄዳል። መልእክቱን ከነላኪው ስምና ከነቀኑ ሙሉውን ያጥፉት፤ ከማጠቃለያው ሥር «የማይመለከተውን አውጥቻለሁ» ብለው ይጻፉ። የሰው ዓረፍተ ነገር መሐል ገብተው ግን አይቁረጡ፤ አያስተካክሉ። ቃሉን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ አንዲት ቃል ብትቀየር ማስረጃነቱ ያበቃል።

«እናመሰግናለን» ብቻ የሚሉትን ማጥፋት ይቻላል፤ ግዴታ አይደለም። ማጠቃለያው ጥሩ ከሆነ አይጎዱም።

## ደረጃ 7፦ ርዕስ፣ አድራሻ፣ መላክ

ርዕሱን ለመቀየር ከአድራሻው ግራ ያለችውን ትንሽ ቀስት ይጫኑና Edit subject ይምረጡ። «Fwd: Re: Re: Rooms» የሚለውን አውጥተው እንዲህ ይጻፉ፦

> ፈቃድ ይፈለጋል እስከ ሐሙስ ከቀኑ 6 ሰዓት፦ የጥምቀት ሆቴል ቀብድ 96,000 ብር

የሚፈለገው ነገር ከፊት ይቅደም፤ የስልክ መስኮት ጠባብ ስለሆነ ኋላ ያለው ይቆረጣል።

አድራሻውን መጨረሻ ላይ ያስገቡ። አድራሻ የሌለው ኢሜይል በስሕተት ቢጫን እንኳ አይሄድም። ሁለት ፊደል ሲጽፉ ጂሜይል ስም ያቀርባል፤ ስሙን ሳይሆን ሙሉውን አድራሻ ያንብቡ። ሆቴሉንም ወኪሉንም በግልባጭ አይጨምሩ፤ የውስጥ ውሳኔ ነው።

ከላኩ በኋላ Sent ውስጥ ገብተው ኢሜይሉን ይክፈቱ። ማጠቃለያው ከላይ መሆኑንና ፕሮፎርማው መከፈቱን ይዩ። ከስልክ ከላኩና ኔትወርክ ከተቋረጠ መልእክቱ Outbox ውስጥ ይቀራል፤ «ላክሁ» ከማለትዎ በፊት እዚያ አለመኖሩን ያጣሩ።

ከዚያ ወደ ዋናው ልውውጥ ተመልሰው ለሆቴሉ አጭር መልስ ይጻፉ፦ ጉዳዩ ለውሳኔ ቀርቧል፣ ደረሰኙ ከዓርብ ረፋድ በፊት ይደርሳችኋል፣ የዘገዩትን እንግዶች አዳር ግን መልሱልን። ሥራ አስኪያጇ «ይከፈል» የሚሉት ለእርስዎ ብቻ ነው፤ የተላለፈ ኢሜይል መልስ ወደ አስተላላፊው እንጂ ወደ ሆቴሉም ወደ ወኪሉም አይሄድም። እርስዎ ካልነገሯቸው ማንም አይነግራቸውም።

## ሲበላሽ

አለቃዎ ስለ ተሻረ ዋጋ ጠየቁ። ከታች ያለውን ቀድመው አንብበዋል ወይም «አልፏል» የሚለው መስመር ተረስቷል። በዚያው ኢሜይል ላይ ይመልሱ፤ «6,000 የጸናው በኅዳር 24 መልእክት ነው» ብለው የዚያን መልእክት አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድተው ያስቀምጡ። ልውውጡን እንደገና አያስተላልፉ።

ከላኩ በኋላ አዲስ መልእክት ገባ። ሆቴሉ ለምሳሌ «የመጀመሪያው አዳር አይታሰብም» ብሎ መለሰ። ድምሩ 186,000፣ ቀብዱ 93,000 ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ ቀብዱም ይቀንስ እንደሆነ ሆቴሉን ይጠይቁ። ከዚያ ለአለቃዎ በላኩት ኢሜይል ላይ መልስ አድርገው «ማረሚያ፦ 96,000 የተባለው 93,000 ሆኗል፤ ቀነ ገደቡ አልተለወጠም» ይበሉ። ያልተለወጠውንም መጥቀስዎ «ሌላስ ተቀይሮ ይሆን?» የሚለውን ጥርጣሬ ያጠፋል። ርዕሱ ላይ 96,000 ስላለ እሱንም ያስተካክሉ፤ ያኔ ለብቻው አዲስ ልውውጥ ሆኖ ሊታይ ስለሚችል የቀድሞው ጽሑፍ ከሥሩ እንዳለ ያረጋግጡ።

የተላለፈው ኢሜይል ከታች ተቆረጠ። ጂሜይል በጣም የረዘመን መልእክት ቆርጦ Message clipped ብሎ View entire message የሚል ማያያዣ ያስቀምጣል። ስልክ ላይ ይህ ያስቸግራል። ልውውጡን በPrint all በኩል ፒዲኤፍ አድርገው ያስቀምጡና ማጠቃለያውን በአዲስ ኢሜይል ጽፈው ፒዲኤፉን ያያይዙ። በPrint all የወጣ ገጽ ግን ያጠፏቸውን መልእክቶች እንደገና ያመጣል፤ ሚስጥር ያለበት ልውውጥ ከሆነ በዚህ መንገድ አይላክም።

ወደ ሌላ ሰው ሄደ። 30 ሰከንዱ ካላለፈ Undo ይጫኑ። ካለፈ ኢሜይሉን ከሰው ሳጥን ማውጣት አይቻልም። ወዲያው ለዚያ ሰው ጽፈው እንዲያጠፋው ይጠይቁ፤ የፓስፖርት ኮፒ ከነበረበት ደግሞ ለአለቃዎ በዚያው ሰዓት ያሳውቁ፤ የእንግዶቹ ጉዳይ ነውና ለወኪሉ ማን እንደሚነግረው የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

መልስ አልመጣም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ድረስ ዝም ካሉ ሁለተኛ ኢሜይል አይላኩ። ደባርቅ ያሉ ሰው ቀኑን ሙሉ ኔትወርክ ከሌለበት ተራራ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። የማጠቃለያውን የመጀመሪያ አንቀጽ ብቻ በኤስኤምኤስ ይላኩ፤ ማታ ይደውሉ። በስልክ «ይከፈል» ካሉ በዚያው ኢሜይል ላይ «ዛሬ ማታ በስልክ በፈቀዱልኝ መሠረት ነገ ጠዋት 96,000 ብር እከፍላለሁ» ብለው ይጻፉ፤ ሒሳብ ክፍሉ ለክፍያው ጽሑፍ ይፈልጋል።